ግራዲየንት ዲሰንት፦ የእርምጃው ልክ እንዴት ይመረጣል?

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦጉስታን ሉዊ ኮሺ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1847 ዛሬ ግራዲየንት ዲሰንት የሚባለውን ዘዴ አቀረበ። ያነሣሣው የሰማይ አካላትን ምሕዋር የማስላት ችግር ነበር።

ዘዴው የአንድን ቀመር ዝቅተኛ ዋጋ የሚፈልገው ቁልቁለቱን በመከተል ነው። ተዳፋቱ በየትኛው አቅጣጫ መሄድ እንደሚገባ ይናገራል፤ ምን ያህል መራመድ እንደሚገባ ግን አይናገርም።

f(x, y) = x² + 10y² የሚለውን ቀመር እንውሰድ። ቅርጹ ጠባብ ሸለቆን ይመስላል፤ በy በኩል ቀጥ ያለ፣ በx በኩል ለዘብ ያለ ነው። ዝቅተኛው ነጥብ ሁለቱም ዜሮ የሚሆኑበት ነው።

መነሻችን x = 10፣ y = 1 ቢሆን ዋጋው 110 ነው። ተዳፋቱ በx በኩል 2x፣ በy በኩል 20y በመሆኑ እዚህ ነጥብ ላይ ሁለቱም 20 ናቸው። የእርምጃው ልክ በተዳፋቱ ተባዝቶ ከየቁጥሩ ይቀነሳል።

ልኩ ሲበዛና ሲያንስ

ልኩ 0.11 ሲሆን y በየእርምጃው በ-1.2 ይባዛል፤ ከሸለቆው ወዲያና ወዲህ እየዘለለ ይርቃል። አሳሳቹ ነገር ዋጋው መጀመሪያ መቀነሱ ነው፦ በሦስት እርምጃ ከ110 ወደ 52 ገደማ ይወርዳል፤ ከአራተኛው ጀምሮ ግን ያለማቋረጥ ይጨምራል። ለዚህ ቀመር ልኩ ከ0.1 ማነስ አለበት።

ልኩ 0.01 ሲሆን አደጋ የለም። ነገር ግን x በየእርምጃው የሚቀንሰው በ2 በመቶ ብቻ ስለሆነ ከ10 ወደ 1 ለመውረድ 114 እርምጃ ይፈጃል።

የመስመር ፍለጋ

አማራጩ ልኩን በየእርምጃው መፈተን ነው። በ1 ቢጀመር ዋጋው ከ110 ወደ 3,710 ያሻቅባል፤ ስለዚህ ልኩ በግማሽ ይቀነሳል። በ0.5 ዋጋው 810፣ በ0.25 ደግሞ 185 ይሆናል፤ ሁለቱም ይጣላሉ። በ0.125 ግን 78.75 ስለሚሆን እርምጃው ይጸድቃል።

“ትንሽም ቢሆን ከቀነሰ ይበቃል” ማለት ግን አያዋጣም፤ ቅናሹ እየመነመነ ዝቅተኛው ነጥብ ሳይደረስ ጉዞው ሊቆም ይችላል። ላሪ አርሚሆ በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ የተቀመጠው መስፈርት፣ ቅናሹ ከእርምጃው ልክና ከተዳፋቱ ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ይጠይቃል።

ፍለጋው የማይፈታው

በየእርምጃው ምርጡ ልክ ቢገኝ እንኳ ችግሩ አያበቃም። ከዚህ መነሻ ምርጡ ልክ ምንጊዜም 1/11 ነው፤ ከየእርምጃው በኋላም ከቀሪው ርቀት 11 እጅ 9ኙ እንዳለ ይቀራል። የy ምልክት በየተራ አዎንታዊና አሉታዊ እየሆነ ከተፈራረቀ፣ ዋጋውም በዝግታ ከቀነሰ፣ ጥፋቱ የልኩ ሳይሆን የሸለቆው ጥበት ነው።

መፍትሔው መለኪያውን መቀየር ነው። y በ10 ዳግም ዘር (√10) ተባዝቶ z ቢባል ቀመሩ x² + z² ይሆናል። ሸለቆው ክብ ጎድጓዳ ይሆንና በ0.5 ልክ አንድ እርምጃ ብቻ ከታች ያደርሳል።