ዜናን ከሁለተኛው መልእክት ጋር ስለ ማያያዝ

ለአንድ ባንክ የባለአክሲዮኖች መዝገብ መያዣ ሶፍትዌር ለመሸጥ ጽፎ መልስ ያጣ ሰው፣ በሁለተኛው መልእክቱ «የቀደመው ደብዳቤዬ ደርሶዎት እንደ ሆነ» ብሎ ቢጀምር፣ ለተቀባዩ አንዳች አዲስ ነገር አላቀረበምና ዝምታው ይቀጥላል። ወጋገን ባንክ በጥር 2017 ዓ.ም. አክሲዮኑን በኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በማስመዝገብ ቀዳሚ በሆነ ጊዜ ግን፣ ለዚያ ባንክ ለሚጽፍ ሻጭ ሰፊ በር ተከፍቶ ነበር። በዚያም ጊዜ ቢሆን የደስታ መግለጫ ብቻ መላክ፣ ያንኑ ቃል ብዙዎች ስለሚልኩት፣ ከንቱ ድካም ነው፤ የሚበጀው ዜናው በተቀባዩ ላይ የጫነውን አዲስ ተግባር መርምሮ ማግኘት ነው። እንዲህ ይጻፍ፦

«የወጋገን ባንክ አክሲዮን በገበያ መገበያየት ሲጀምር፣ የባለቤትነት ዝውውሩ ከመዝገብዎ ጋር በየጊዜው መመሳከር ይኖርበታል። ይህን የምንሠራበትን መንገድ የሚያሳይ አንድ ገጽ ልላክልዎ?»

ከመላኩ በፊት የባንኩን ስም አንሥተው የሌላ ድርጅት ስም ይተኩበት፤ ቃሉ ሳይናወጥ ከቆመ፣ ዜናው ጌጥ እንጂ ምክንያት አልሆነምና እንደ ገና ይጻፉት። የሠራተኛ ቅነሳን፣ ክስንና ኀዘንን የሚያወሳ ዜና ግን፣ ምንም ያህል ከጉዳይዎ ጋር ቢገጥም፣ ለሽያጭ መግቢያ አያድርጉት።