ብረትን ከዋንዛ የሚያያይዘው ኢፖክሲ

ከእጀታው የወለቀ ቢላዋ ለምን እንደወለቀ ለማወቅ ብረቱን አገላብጦ ማየት ይበቃል። ብረቱ ንጹሕና አንጸባራቂ ሆኖ ከወጣ ሙጫው ጭራሽ አልያዘውም፤ ጥፋቱ ከመጣበቁ በፊት በተሠራው ሥራ ላይ ነው። ብረቱ ላይ ሙጫ፣ ሙጫው ላይ ደግሞ የእንጨት ጭረት ተጣብቆ ከታየ የተቀደደው እንጨቱ ራሱ ነው፤ ከሙጫ ከዚህ በላይ አይጠበቅም። ሙጫው በሁለቱም ወገን ቀርቶ ጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጎድ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ልኬቱ ወይም ማዋሃዱ ነው።

ኢፖክሲ በሁለት ዕቃ የሚሸጥ ሙጫ ነው፤ አንዱ ሬዚን፣ ሌላው ሃርድነር ይባላል። ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፒየር ካስታን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲደርስበት ይፈልግ የነበረው ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሆን ነገር ነበር። በ1946 (እ.ኤ.አ.) ሲባ የተባለው ኩባንያ አራልዳይት ብሎ ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ብረት ለማጣበቅ በሰፊው ይሠራበታል። ውሃው ተንኖ ከሚደርቀው የእንጨት ኮላ የሚለየው ምንም ሳይተን በራሱ ውስጥ የሚጠነክር በመሆኑ ነው። ብረት ውሃ አይመጥም፤ ስለዚህ ኮላ ብረት ላይ ውሃውን የሚሰድበት ያጣል። ኢፖክሲ ይህ ችግር የለበትም።

የመኪና ቦዲ የሚሠራ ሰው ኢፖክሲ ሲይዝ የሚሳሳተው በልምዱ ምክንያት ነው። በስቱኮ ሥራ ማጠንከሪያው ትንሽ በዛ ሲል ቶሎ ይደርቃል፣ ሲቀንስ ይዘገያል፤ በመጠኑ መጫወት ይቻላል። በኢፖክሲ ግን ሃርድነሩ የሙጫው ሌላኛው አካል እንጂ ማፍጠኛ አይደለም። እያንዳንዱ የሬዚን ቅንጣት ከተወሰነ የሃርድነር ቅንጣት ጋር ይያያዛል፤ የተረፈው ተያያዥ አጥቶ እዚያው ይቀራል፣ ሙጫውንም ያለሰልሰዋል። ቢዘገይ አይጨመርበትም። ፍጥነት ከተፈለገ መጀመሪያውኑ ፈጣን ሃርድነር ያለውን መግዛት ነው።

ልኬቱ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በትንንሽ ቱቦ የሚሸጡት አብዛኞቹ እኩል በእኩል ስለሆኑ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት መስመሮች ጨምቆ ማዋሃድ ይበቃል። በጣሳ የሚሸጡት ግን 2 ለ 1 ወይም ሌላ ልኬት ይኖራቸዋል፤ በመጠን ነው ወይስ በክብደት የሚለው ጽሕፈት መነበብ አለበት። ምሳሌ እንውሰድ፤ ማሸጊያው በመጠን 2 ለ 1 ይላል። ሠራተኛው 10 ሚሊ ሊትር ሬዚንና 5 ሚሊ ሊትር ሃርድነር በሁለት የተለያዩ ሲሪንጅ ቢቀዳ ልክ ነው። ሬዚን ከሃርድነር ስለሚከብድ ይህ ወደ ሚዛን ሲመጣ 11 ግራም ተኩልና ወደ 4.8 ግራም ገደማ ይሆናል። 2 ለ 1 የሚለውን በክብደት ተርጉሞ 5.75 ግራም ሃርድነር የመዘነ ሰው አንድ አምስተኛ ያህል አብዝቷል፤ እጀታው በማግስቱም ጥፍር ይቀበላል። ወርቅ በሚመዘንበት በወለጋ የግራም አሥረኛን የሚያነብ ሚዛን ብርቅ አይደለም። ሚዛኑን መዋስ ይቻላል፤ በማሸጊያው ላይ የክብደት ልኬት ከሌለ ግን ሲሪንጁ ይሻላል።

ለአንድ ቢላዋ እጀታ ሁለት ሚሊ ሊትር የማይሞላ ሙጫ ይበቃል፤ ግን ያን ታህል ሲለካ አንዲት ጠብታ ልኬቱን ታዛባለች። ትርፍ እንደሚኖር እያወቁ አሥራ አምስቱን ማዘጋጀት ይመረጣል። ሁለት ደቂቃ ያህል፣ የዕቃውን ግድግዳና ታች እየፋቁ፣ ጅራት የሚመስሉ መስመሮች እስኪጠፉ ማዋሃድ ነው። የአምስት ደቂቃው ዓይነት ከሆነ ግን አንድ ደቂቃ ብቻ ነው ያለው። ትርፉ አይጣል፤ በማግስቱ ጥንካሬው የሚፈተሸው በእሱ ላይ ነው።

ወደ ብረቱ ስንመጣ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ዘይቱ ይታጠባል፣ ከዚያ በቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት መስቀለኛ እየተፋተገ ይሻክራል። ቅባት ያለበትን ብረት ቀድሞ መፈተግ ቅባቱን ወደ ጭረቱ ውስጥ ማስገባት ነው። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅና በአሴቶን ይጠረጋል፤ ቤንዚን ራሱ ቅባት ስለሚተው አይሆንም። ፈተናው አንዲት ጠብታ ንጹሕ ውሃ ናት፤ ተበትና ብረቱን ካለበሰችው ጸድቷል፣ ክብ ሆና ከቆመች ቅባት አለ፣ ይደገም። ካለፈ በኋላ ደርቆ በዚያው ሰዓት መጣበቅ አለበት። አሉሚኒየም ከሆነ የበለጠ ይቸኮላል፤ አንዳንዶች ሙጫውን ቀብተው በላዩ ላይ ይፈትጉታል፣ ብልህ ዘዴ ነው።

እንጨቱ ሌላ ጠባይ አለው። በነቀምትና ከተማዋን በከበበው በጉቶ ጊዳ በኩል ለእጀታም ለጠረጴዛም የሚመረጠው ዋንዛ፣ በአፋን ኦሮሞ ዋዴሳ፣ በደንብ ከደረቀ ኢፖክሲን ይወዳል። በደንብ ካልደረቀ ግን ሙጫው ከያዘ በኋላ ሲኮማተር መገጣጠሚያውን ይጎትታል። ፊቱ ወዲያው ተፈትጎ መጋለጥ አለበት፣ ወር የቆየ ፊት አይይዝም። የተቆረጠው ጫፍ ሙጫ ስለሚመጥ አስቀድሞ ቀጭን ቅብ ይሰጠዋል፤ ትንሽ ጠብቆ የእንጨት ዱቄት የተቀላቀለበት ወፍራሙ ይከተላል። ሞርሳው ላይ ሲታሰር በኃይል አይጠበቅ፤ ሙጫው በሙሉ ተጨምቆ ከወጣ መሃሉ ባዶ ይቀራል። በጠርዙ ትንሽ ሲያሾልክ በቂ ነው።

ከ2,000 ሜትር በላይ ያለችው ነቀምት ክረምቷ ዝናባማና ቀዝቃዛ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ለ25 ዲግሪ የተጻፈ ነው፤ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ጊዜው በግምት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የሐምሌ ሥራ አንድ ቀን ሳይሆን ሁለት ቀን ያስፈልገዋል፣ ጣሳዎቹም ከመለካታቸው በፊት ለብ ባለ ቦታ መቀመጥ አለባቸው። በእርጥበቱ የተነሣ ደግሞ በደረቀው ሙጫ ላይ ሰም የሚመስል፣ የሚሙለጨለጭ ስስ ሽፋን ሊወጣ ይችላል። ብዙዎች በቲነር ሊያጠፉት ይሞክራሉ፤ እሱ ግን የሚለቀው በውሃና በሳሙና ነው። ሳይታጠብ ሁለተኛ ቅብ ቢደረብበት ይላጣል። ሃርድነሩ እጅ ላይ እየደጋገመ ሲነካ አለርጂ ስለሚያመጣ ጓንት ይለበስ። ቆዳን በቲነር መጥረግ የባሰ ነው።

ኢፖክሲ የማይችላቸውም አሉ። ብዙዎቹ በክፍል ሙቀት የሚጠነክሩት ዓይነቶች ከ60 ዲግሪ በፊት መለስለስ ስለሚጀምሩ ለድስት ጆሮና ለምጣድ እጀታ አይሆኑም። ሰፊ የዋንዛ ጠረጴዛ ሥር ጣውላውን የሚያቋርጥ የብረት ዘንግ ማጣበቅም ጥሩ አይደለም፤ ጣውላው በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል፣ ብረቱ ግን አይከተለውም። እዚያ ቦታ ቀዳዳው ረዘም ያለ ብሎን ይሻላል።

ፕላስቲክ ላይ ሲደርስ ጥያቄው የትኛው ነው የሚለው ነው። የፒቪሲ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ጠንካራ ሽፋን ከተፈተጉ ይይዛሉ። ጄሪካንና አብዛኛው የፕላስቲክ ወንበር ግን አይይዙም፤ የደረቀው ኢፖክሲ እንደ ቅርፊት ተላጦ ይነሣል። ከታች ባለው ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 2፣ 4 ወይም 5 የሚል ቁጥር ካለ የዚህ ዘር ነው። ሰማያዊ ነበልባል በፍጥነት ሳይቆም ቢያልፍበት ፊቱ ጠባይ ይለውጣልና የውሃ ጠብታዋ መበተን ትጀምራለች፤ ነበልባሉ ከቆየ ግን ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ጭነት የሚሸከም ዕቃ ከሆነ ፕላስቲኩ በድሪል ይበሳና ሙጫው ቀዳዳውን አልፎ ከወዲያኛው ወገን ጭንቅላት እንዲያወጣ ይደረጋል፤ ወይም ከነጭራሹ በብሎን ይታሰራል።