የተሳሳተ ማትሪክስም ትክክለኛ ኢንቨርስ አለው

በ11ኛ ክፍል ሒሳብ ማትሪክስ የተማረ ሰው አንድ ማረጋገጫ አይረሳም። ኢንቨርሱን ካገኙ በኋላ ከመነሻው ማትሪክስ ጋር ማባዛት ነው፤ ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ በሚወርደው ሰያፍ ላይ 1፣ በቀረው ቦታ ሁሉ 0 ከወጣ ሥራው ልክ ነው። ማረጋገጫው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን የሚመሰክረው ለስሌቱ ብቻ ነው። ጥያቄው በስልክ ፎቶ ተነሥቶ የመጣ ከሆነ፣ ቁጥሮቹ ከፎቶው በትክክል መቀዳታቸውን ይህ ማባዛት ጨርሶ አያውቅም።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ብንከተለው ነገሩ ይታያል። ከደብተር ላይ የተነሣ ፎቶ ደረሰን እንበል። ጥያቄው «የ A ዲተርሚናንት 1 መሆኑን አሳይ፤ ከዚያም ኢንቨርሱን ፈልግ» ይላል። ከፎቶው ያነበብነው ማትሪክስ ይህ ነው፦

```
1   1   2
2   1   3
3   1   5
```

ዲተርሚናንቱን በመጀመሪያው ረድፍ እንዘርጋ። የመጀመሪያውን 1 ስንወስድ ረድፉንና ዓምዱን ሰርዘን የሚቀሩት አራት ቁጥሮች 1፣ 3፣ 1 እና 5 ናቸው፤ በሰያፍ ተባዝተው ሲቀናነሱ 5 − 3 = 2 ይሰጣሉ። ለሁለተኛው ቁጥር 10 − 9 = 1 ይወጣል፤ የመካከለኛው ቦታ ምልክት ስለሚገለበጥ −1 ይሆናል። ለሦስተኛው 2 − 3 = −1። እያንዳንዱን በራሱ ቁጥር አባዝተን ስንደምር፦

```
1(2) + 1(−1) + 2(−1) = −1
```

ዜሮ ስላልሆነ ኢንቨርስ አለው። የዘጠኙን ቦታዎች ኮፋክተር (አሁን ያገኘናቸው 2፣ −1 እና −1 የመጀመሪያው ረድፍ ኮፋክተሮች ናቸው) አውጥተን፣ ረድፉን ወደ ዓምድ ገልብጠን፣ ለዲተርሚናንቱ ስናካፍል ይህን እናገኛለን፦

```
−2   3  −1
 1   1  −1
 1  −2   1
```

ከመነሻው ጋር ቢባዛ በሰያፉ ላይ 1፣ በቀረው 0 ይወጣል። ክፍልፋይ የለም፣ ቁጥሮቹም ትንንሾች ናቸው፤ የመማሪያ መጽሐፍ መልስ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ብዕሩን ያስቀምጣል። ነገር ግን ጥያቄው ዲተርሚናንቱ 1 ነው ብሎ ነበር፤ የእኛ −1 ነው። ስሌቱ ደግሞ እንከን የለውም። እንግዲህ ወይ ጥያቄው ተሳስቷል፣ ወይ እኛ አንዱን ቁጥር ሌላ አድርገን አንብበናል።

አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ ፎቶውን ከላይ እስከ ታች እንደገና ያያል፤ ዐይን ግን አንድ ጊዜ ያነበበውን መልሶ ማንበብ ይቀናዋል። የተሻለው መንገድ ዲተርሚናንቱ ራሱ የት እንደምናይ እንዲጠቁመን ማድረግ ነው። አንድን ቁጥር የሚያባዛው ኮፋክተር የሚሠራው የዚያ ቁጥር ረድፍና ዓምድ ከተሰረዙ በኋላ ከሚቀሩት ቁጥሮች ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ በስሕተት ተነብቦ ከሆነ፣ የራሱ ኮፋክተር ሳይበላሽ ይቀራል። ዲተርሚናንቱ የሚዛባውም በትክክል ቁጥሩ በተዛባበት መጠን ሲባዛ በዚያ ኮፋክተር ነው። ይህ ለአጣሪ ትልቅ ስጦታ ነው።

ከ −1 ወደ 1 ለመድረስ 2 ይጎድለናል። ያነበብነው ማትሪክስ ኮፋክተሮች በየቦታቸው እነዚህ ናቸው፦

```
 2  −1  −1
−3  −1   2
 1   1  −1
```

አሁን 2ን ለእያንዳንዳቸው እናካፍል፤ የሚወጣው ቁጥር በዚያ ቦታ ያለው ንባብ በስንት መታረም እንዳለበት ይነግረናል። በሁለተኛው ረድፍ መጀመሪያ ያለው 2 ኮፋክተሩ −3 ነው፤ እርማቱ ክፍልፋይ ስለሚሆን፣ ሁሉም ቁጥር ሙሉ በሆነበት ጥያቄ ውስጥ ይህ ቦታ ከተጠርጣሪነት ይወጣል። የመጀመሪያው 1 ወደ 2 መለወጥ ነበረበት፤ በእጅ ጽሑፍ 1 እና 2 ብዙ አይምታቱም። በሁለተኛው ረድፍ ያለው 3 ወደ 4፣ በመጀመሪያው ረድፍ ያለው 2 ወደ 0፣ በሦስተኛው ረድፍ ያለው 1 ወደ 3 እንዲለወጡ ያስፈልጋል፤ እነዚህም ይርቃሉ።

የቀሩት አራቱ ግን ትኩረት ይገባቸዋል። በሦስተኛው ረድፍ 3 ወደ 5 ወይም 5 ወደ 3 ቢለወጥ ሒሳቡ ይገጥማል፤ ችኩል እጅ የጻፋቸው 3 እና 5 ደግሞ ይመሳሰላሉ። በሁለተኛው ዓምድ ላይኛውና መካከለኛው 1 ወደ −1 ቢለወጡም ይገጥማል። ፎቶውን አጉልተን እነዚህን አራት ቦታዎች ብቻ እናይ። 3 እና 5 በግልጽ ይለያሉ። ከመካከለኛው 1 በፊት ምንም የለም። ከላይኛው 1 በፊት ግን የደብተሩ ሰማያዊ መስመር በዚያ ቦታ ወፈር ይላል፤ የመቀነሱ ምልክት መስመሩ ላይ ተደርቦ ተጽፎ ነበር።

ከእጅ ጽሑፍ ፎቶ ቁጥር ሲቀዳ ከሁሉ በላይ መፈራት ያለበት ይህ ይመስለኛል፤ 7 እና 1 ቢምታቱ ቅርጻቸው ያስጠረጥራል፣ የጠፋ ምልክት ግን ባዶ ቦታ ብቻ ነው። የዲተርሚናንት ቋሚ መስመርም እንዲሁ ያታልላል፤ ፎቶው ጠርዙ ላይ ሲቆረጥ አጭሯ ቅሪት 1 ትመስላለች። ወረቀቱ አዘንብሎ ከተነሣ ደግሞ የአንዱ ረድፍ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር በአንድ መስመር ላይ ያለ ይመስላል።

የታረመው ማትሪክስ ዲተርሚናንት 1(2) + (−1)(−1) + 2(−1) = 1 ነው። ኢንቨርሱም፦

```
 2   7  −5
−1  −1   1
−1  −4   3
```

አንድ ምልክት ብቻ ተለውጦ፣ ከዘጠኙ ቁጥሮች አንዱም እንኳ በቦታው ከቀድሞው ጋር አንድ አይደለም።

ይህ መንገድ የሚሠራው ስሕተቱ አንድ ሲሆን ነው፤ ሁለት ቁጥሮች አብረው ከተዛቡ ጥቆማው ወደ ሌላ ቦታ ይመራል። ኮፋክተሩ 0 የሆነ ቦታ ላይ ያለ ስሕተት ደግሞ ዲተርሚናንቱን ጨርሶ አያንቀሳቅሰውም፤ ዲተርሚናንቱ ገጥሞም ንባቡ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ብዙ ጥያቄ ዲተርሚናንቱን አስቀድሞ አይነግርም።

ስለዚህ ገና ስሌት ሳይጀመር የሚደረግ አንድ ማጣሪያ አለ። ማትሪክሱን በረድፍ እያነበቡ ይቅዱና የቅጂውን የየዓምዱን ድምር ይያዙ፤ በእኛ የተሳሳተ ቅጂ 6፣ 3 እና 10 ነበሩ። ከዚያ ቅጂውን ሸፍነው ፎቶውን እንደ አዲስ ከታች ወደ ላይ፣ ዓምድ በዓምድ ያንብቡና በቃል ይደምሩ። ምልክቱ ከታየ ሁለተኛው ዓምድ 3 ሳይሆን 1 ይሰጣል፤ ጥፋቱ ያለበት ዓምድ ወዲያው ይለያል። ሁለተኛው ንባብ ከፎቶው እንጂ ከቅጂው መሆን የለበትም፤ ከቅጂው ከሆነ ራሱን ከራሱ ጋር ማመሳከር ነው። ምልክቱ በሁለቱም ንባብ ካልታየ ግን ድምሮቹ በስሕተት ይስማማሉ። እንዲህ ያለውን የሚያጋልጠው ሌላ ብርሃን ነው፤ ላኪው ወረቀቱን ከጎን ብርሃን አብርቶ ደግሞ እንዲያነሣው፣ ወይም የቀዱትን በጽሑፍ ልከውለት ከደብተሩ ጋር እንዲያስተያየው መጠየቅ ያስፈልጋል።