አስቀድሞ የሚከፍል አጭበርባሪ

በቴሌግራም የሚመጣው መልእክት አጭር ነው፦ «የትርፍ ሰዓት ሥራ አለ። የዩቲዩብ ቪዲዮ ላይክ እያደረጉ በቀን እስከ 1,500 ብር ያግኙ።» የትምህርት ማስረጃ የሚጠይቅ የለም፤ ቃለ መጠይቅም የለም። ሦስት ቪዲዮ ላይክ አድርጎ ስክሪንሾት ለላከ ሰው 150 ብር በቴሌብር ይገባለታል። ብዙው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። አጭበርባሪ ይወስዳል እንጂ መቼ ይሰጣል? ይህችን 150 ብር ግን ዓሣ አጥማጁ መንጠቆው ላይ እንደሚሰካት ትል ቁጠሯት።

የቀረውን በምሳሌ እንከተለው። ሠራተኛው አንድ ግሩፕ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ድረ ገጽ ላይም ይመዘገባል። «ደረጃህን ለማሳደግ» ተብሎ 1,000 ብር ሲልክ 1,300 ይመለስለታል። ልቡ ይሞላና 5,000 ይልካል። አሁን ግን «ልዩ ታስክ ደርሶሃል» ይባላል፤ ሂሳቡም ከዜሮ በታች 12,000 ብር ያሳያል። ካልሞላው የላከው ሁሉ ተያዘ ማለት ነው። ግሩፑ ውስጥ ያሉት «እኔም ሞልቼ ዛሬ ወጣልኝ» እያሉ ያደፋፍሩታል፤ አብዛኞቹ የአጭበርባሪዎቹ የራሳቸው አካውንቶች ናቸው። ተበድሮ ይሞላል። ገጹ 24,000 ብር ያሳየዋል፤ ለማውጣት ግን መጀመሪያ 20 በመቶ ግብር፣ 4,800 ብር ክፈል ይሉታል። ያንንም ከከፈለ፣ ያገኛት 450 ብር ተቀንሳ ኪሳራው 21,350 ብር ነው።

ገጹ ላይ የሚታየው 24,000 አጭበርባሪዎቹ የጻፉት ቁጥር እንጂ ገንዘብ አይደለም። ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ክፍያውን ከቀሪ ሂሳቤ ላይ ቀንሱልኝ።» ገንዘቡ በእርግጥ ካለ መቀነስ ቀላል ነው። እውነተኛ አሠሪም የሥራ ግብርን ከደመወዝ ላይ ይቀንሳል እንጂ ከሠራተኛው ኪስ አስቀድሞ አያስልክም። ትንሽ ገንዘብ ማውጣት መቻል ግን ምንም ማረጋገጫ አይደለም፤ 1,300ውም ወጥቷል። ሥራው ራሱም ቢሆን ዩቲዩብ የሚከለክለው ነው፤ ላይክ መግዛትና መሸጥ በደንቡ አይፈቀድም።

ወጥመዱ አገር አይመርጥም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዚህ ዓይነት «ታስክ» ላይ በ2023 እ.ኤ.አ. 5,000 ያህል አቤቱታ ደርሶት ነበር፤ በ2024 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ብቻ ቁጥሩ ወደ 20,000 ደረሰ።

ገንዘብ የላከ ሰው ዛሬውኑ ለባንኩ ወይም ለቴሌብር ያመልክት፤ የደረሰኝ መልእክቱን፣ የተቀባዩን ስምና ስልክ ቁጥር፣ የቴሌግራም ንግግሩንም ሳያጠፋ ይያዝና ለፖሊስ ያቅርብ። ከሰው የሚገባልህን ገንዘብ ወደ ሌላ አስተላልፍ ከተባለም እምቢ ይበል፤ የሌላ ተጎጂ ብር በእሱ ስም እያለፈ ሊሆን ይችላል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ «የጠፋብህን ገንዘብ አስመልስልሃለሁ» የሚል ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል። እሱም አስቀድሞ የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃል።