ደም አሲድን እንዴት ይቋቋማል? የባፈር አሠራርና የሳንባ ድርሻ



የዛሬውን ገለጻ በአንድ ስሌት እጀምራለሁ። ፒኤቹ 7 በሆነ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ 10 ሚሊሞል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ብንጨምር ፒኤቹ ወደ 2 ይወርዳል። በእያንዳንዱ ሊትር ደሙ ውስጥ ይህን ያህል አሲድ የተጠራቀመበት ሰው ግን ይታመማል እንጂ ወዲያው አይሞትም፤ የደሙ ፒኤችም ከ7.3 ብዙም ላይርቅ ይችላል። በጤናማ ደም ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚገኘው ሃይድሮጂን አዮን በሊትር 40 ናኖሞል ገደማ ብቻ ነው። የተጨመረው አሲድ ከዚህ በ250,000 እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ያ ሁሉ ሃይድሮጂን የት ገባ?

ባፈር የምንለው የአንድ ደካማ አሲድና የተጓዳኝ ቤዙ ድብልቅ ነው። ደካማ አሲድ ሃይድሮጂኑን በቀላሉ አይለቅም፤ ተጓዳኝ ቤዙ ደግሞ ነጻ ሃይድሮጂን አዮን ሲያገኝ ይይዘዋል። በደም ውስጥ ቤዙ ባይካርቦኔት ነው፤ ሃይድሮጂኑን ይዞ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፤ ካርቦኒክ አሲዱም ወደ ውሃና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከፈላል። እንግዲህ የጨመርነው ጠንካራ አሲድ በደካማ አሲድ ተተካ እንጂ አልጠፋም። ፒኤቹን የሚወስነውም የሁለቱ ጥምርታ ነው። ሄንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1908 ያቀረበውን ግንኙነት ሃሰልባልክ በ1916 በሎጋሪዝም እንዲህ አድርጎ ጻፈው፦

```
pH = 6.1 + log([HCO3-] / [CO2])
```

በጤናማ ሰው ደም ውስጥ ባይካርቦኔቱ በሊትር 24 ሚሊሞል፣ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1.2 ሚሊሞል ያህል ነው። ጥምርታው 20፣ የ20 ሎጋሪዝም 1.3፣ ፒኤቹም 7.4 ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ባፈር በደንብ የሚሠራው ጥምርታው ለአንድ ሲቀርብ፣ ማለትም ፒኤቹ እዚህ 6.1 አካባቢ ሲሆን ነው። በፈተና ላይ «ለ7.4 የሚስማማ ባፈር ምረጡ» ሲባል ባይካርቦኔትን የመረጠ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል፤ እኔም ቀንሼ አውቃለሁ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ከሆነ ቅጣቱ ትክክል ነው። ከሄሞግሎቢንና ከሌሎች ፕሮቲኖች የሚገኘውን እገዛ ለጊዜው እንተወውና እናስላው፦ 10 ሚሊሞል አሲድ ሲገባ ባይካርቦኔቱ ከ24 ወደ 14 ይወርዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ1.2 ወደ 11.2 ይወጣል። ጥምርታው 1.25፣ ፒኤቹም 6.2 ይሆናል። በዚህ ፒኤች ሰው አይኖርም።

ደም ግን የተዘጋ ዕቃ አይደለም። የተፈጠረውን ትርፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳንባ ያስወጣዋል። መጠኑ በ1.2 ላይ እንዲቆይ ከተደረገ፣ 14 ለ1.2 ሲካፈል 11.7 ነው፤ ፒኤቹም 7.17 ይሆናል። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ የጠፋው ባይካርቦኔት በሁለቱም ስሌቶች እኩል ነው፤ ሕይወትን ያተረፈው የመውጫው በር መከፈቱ ብቻ ነው።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። የፒኤቹን መውረድ የሚለዩ ተቀባይ ሕዋሳት በአንገት የደም ቧንቧና በአንጎል ግንድ ውስጥ አሉ፤ እነርሱም አተነፋፈስን ያጠነክራሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከመደበኛውም በታች፣ ወደ 0.87 ያህል ይወርዳል። አሁን ጥምርታው 16፣ ፒኤቹም 7.31 ይሆናል። ኩስማውል እ.ኤ.አ. በ1874 በስኳር ሕመምተኞች ላይ የገለጸው ያ ጥልቅና አድካሚ አተነፋፈስ ይኸው ነው። የሚያየው ሰው የሳንባ በሽታ ሊመስለው ይችላል፤ ሳንባው ግን በዚያች ሰዓት የደሙን ኬሚስትሪ እየሠራ ነው።

ለሕክምና ተማሪዎች ስሌቱ ከወረቀት የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ የሚተነፍስ ሕመምተኛ በማደንዘዣ ተኝቶ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ሲደረግና መሣሪያው ለጤናማ ሰው በሚበቃ መጠን ሲስተካከል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ 1.2 ይመለሳል። አንዲት ጠብታ አሲድ ሳይጨመር ፒኤቹ ከ7.31 ወደ 7.17 ይወርዳል፤ ነጻው ሃይድሮጂን አዮንም በሊትር ከ49 ወደ 68 ናኖሞል ይወጣል። ሕመምተኛው በገዛ ትንፋሹ ሲያደርግ የነበረውን መሣሪያው እንዲቀጥል ካልታዘዘ፣ ሊረዳው የተደረገው ነገር ይጎዳዋል።

ፒኤቹ ብቻውን ሲታይም ያታልላል። 7.31 ከመደበኛው የታችኛው ወሰን፣ ከ7.35፣ ብዙም አይርቅም፤ ነገር ግን ከ24ቱ ባይካርቦኔት 10ሩ አልቋል። ሁለተኛ 10 ሚሊሞል አሲድ ቢመጣ የሚቀረው 4 ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ሳንባ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራም ፒኤቹ ወደ 7.1 ይወርዳል። የመጀመሪያው 10 ፒኤቹን ያወረደው በ0.09 ነበር፤ ሁለተኛው ከ0.2 በላይ ያወርደዋል። ስለዚህ የደም ጋዝ ውጤት ሲነበብ ፒኤቹ፣ ባይካርቦኔቱና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አብረው ይታያሉ። ያለቀውን ባይካርቦኔት ሳንባ ሊተካው አይችልም፤ አዲስ ባይካርቦኔት የሚያመርተው ኩላሊት ነው፤ እርሱም ሥራውን የሚጨርሰው በሰዓታት ሳይሆን በቀናት ነው።