ስህተቱ የታየበትና የተፈጠረበት ቦታ

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ ቁጥሮችን ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚደረድር ኮድ እንዲጽፍ ይታዘዛል። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ባብል ሶርት በሚባለው ዘዴ ነው። ፕሮግራሙ ከዝርዝሩ ግራ ጫፍ ተነስቶ ጎን ለጎን ያሉትን ቁጥሮች ጥንድ በጥንድ ያስተያያል፤ የግራው ከበለጠ ቦታ ያቀያይራቸዋል። አንድ ዙር ሲያልቅ ትልቁ ቁጥር ቀኝ ጫፍ ይደርሳል። በሁለተኛው ዙር ተከታዩ ትልቅ ቁጥር ከጎኑ ይቀመጣል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

አንድ ጀማሪ በፓይተን እንዲህ ጻፈ እንበል፦

```python
a = [5, 2, 9, 1, 6]
n = len(a)
for i in range(n - 1):
    for j in range(n - 2 - i):
        if a[j] > a[j + 1]:
            a[j], a[j + 1] = a[j + 1], a[j]
print(a)
```

የሚጠበቀው `[1, 2, 5, 6, 9]` ነበር፤ የወጣው ግን `[1, 2, 5, 9, 6]` ነው። ሦስቱ ቁጥሮች በቦታቸው ናቸው፣ የተዛባው መጨረሻው ብቻ ነው። ስለዚህ ጀማሪው ሥራው ማለቂያው ላይ የተበላሸ ይመስለውና አንድ ዙር ይጨምራል። ውጤቱ ያው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ምልክት መቀያየርና ቁጥር መነካካት ይመጣል። ብዙዎች ሰዓታቸውን የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ውጤት ስህተት መኖሩን ይናገራል እንጂ የት እንደተፈጠረ አይናገርም።

የሚሻለው ፕሮግራሙ መንገድ ላይ እያለ ያለበትን ሁኔታ እንዲያሳይ ማድረግ ነው። በውጪው ሉፕ ውስጥ፣ እያንዳንዱ ዙር ሲያበቃ `print(i, a)` የሚል መስመር ይጨመራል። ከመሮጡ በፊት ግን በወረቀት ላይ፣ በዚያው በባብል ሶርት ሕግ፣ ከየዙሩ በኋላ ዝርዝሩ ምን መምሰል እንዳለበት በእጅ ይሠራል። ቅደም ተከተሉን አጠብቃለሁ፤ የፕሮግራሙን ውጤት አስቀድሞ ያየ ሰው ወረቀቱንም ሳያውቀው ወደዚያው ያዘነብላል። በወረቀት የሚገኘው ይህ ነው፦

```
0 [2, 5, 1, 6, 9]
1 [2, 1, 5, 6, 9]
2 [1, 2, 5, 6, 9]
3 [1, 2, 5, 6, 9]
```

ፕሮግራሙ ያወጣው ደግሞ ይህ ነው፦

```
0 [2, 5, 1, 9, 6]
1 [2, 1, 5, 9, 6]
2 [1, 2, 5, 9, 6]
3 [1, 2, 5, 9, 6]
```

ሁለቱ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ይነጻጸራሉ፤ የመጀመሪያው ልዩነት ላይ ይቆማል። እዚህ ልዩነቱ ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። መጨረሻ ላይ የታየው ስህተት የተፈጠረው በመጀመሪያው ዙር ነው፤ ቀሪዎቹ መስመሮች እሱኑ ተሸክመው የመጡ ናቸው።

አሁን ፍለጋው ወደ አንድ ዙር ጠበበ። `print(j)` በውስጠኛው ሉፕ ሲገባ በመጀመሪያው ዙር 0፣ 1፣ 2 ይወጣል። አምስት ቁጥሮች አራት ጎረቤታም ጥንዶች ስላሏቸው 3ም መውጣት ነበረበት። በአራተኛውና በአምስተኛው ቦታ ያሉት 9 እና 6 ከቶውንም አልተነጻጸሩም። `n - 2 - i` ወደ `n - 1 - i` ሲቀየር ነገሩ ይስተካከላል።

ይህ ስህተት ተደብቆ ሊያልፍ መቻሉ ሊጤን ይገባል። ጀማሪው የሞከረው `[5, 2, 6, 1, 9]`ን ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ትክክል ይወጣ ነበር፤ ትልቁ ቁጥር ቀድሞውኑ መጨረሻው ላይ ተቀምጧልና። አምስት የተለያዩ ቁጥሮች በ120 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊቀመጡ ይችላሉ፤ የተሳሳተው ኮድ በ24ቱ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር መጀመሪያ ላይ፣ መሀል ላይና መጨረሻ ላይ የሆነባቸው ዝርዝሮች ሁሉ መሞከር አለባቸው።

ሌላ ዓይነት ስህተትም አለ፤ በእኔ ግምት ከዚህኛው የበለጠ አታላይ ነው። ቦታ የሚያቀያይረው መስመር በሁለት ተከፍሎ ይጻፋል፦

```python
a[j] = a[j + 1]
a[j + 1] = a[j]
```

የመጀመሪያው መስመር የግራውን ቁጥር ይደመስሰዋል፣ ሁለተኛው ያንኑ የቀኙን ቁጥር መልሶ ይጽፋል። በተስተካከለው ሉፕ ያው የመጀመሪያው ዝርዝር ሲሰጠው የሚያወጣው `[1, 1, 1, 1, 6]` ነው። ቅደም ተከተሉን ብቻ የሚያይ ፍተሻ ይህን ያሳልፈዋል፤ የሚያንስ ቁጥር ከሚበልጠው በኋላ አልመጣምና። 2፣ 5 እና 9 ግን የሉም። ስለዚህ ውጤቱን ስናነጻጽር የገቡት ቁጥሮች ሁሉ መውጣታቸውንም እንቆጥራለን። ቁጥሮቹ ሙሉ ሆነው ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ መጀመሪያ ሉፑና ማነጻጸሪያው ይጠረጠራሉ፤ ቁጥር ጠፍቶ ሌላው ከተደገመ ማቀያየሪያው ይጠረጠራል።

የሚጠበቀውን የመጨረሻ ውጤት በእጅ ከመጻፍ ይልቅ የፓይተንን `sorted(a)` መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን ኮዱ መደርደር ከመጀመሩ በፊት በሌላ ስም መያዝ አለበት። `b = a` ብሎ ዝርዝሩን ያስቀመጠ የመሰለው ሰው አዲስ ቅጂ አላገኘም፤ ሁለቱም ስሞች የሚጠሩት አንዱኑ ዝርዝር ነው። ኮዱ `a`ን ሲያበላሽ `b`ም አብሮ ይበላሻል፤ በመጨረሻም ከ`sorted(b)` ጋር ሲነጻጸር የጠፉት 2፣ 5 እና 9 ከሁለቱም ወገን ስለሌሉ ሁሉ ነገር ትክክል ይመስላል። ቅጂ የሚገኘው `b = a[:]` ተብሎ ሲጻፍ ነው።