ሎጉ አለ ማለት ቁጥጥሩ ሠርቷል ማለት ነው?

ተረት፦ የአቅራቢው መረጃ ዛሬ ትክክል ከሆነ ችግር የለም።

እውነታው፦ የውጭ ኦዲተር የሚመረምረው የዛሬውን ብቻ ሳይሆን የዓመቱን በሙሉ ነው። በኤስኤፒ የሚሠራ አንድ ድርጅት አለ እንበል። ሐሙስ አመሻሽ ላይ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ የአንድን አቅራቢ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ይቀይራል። ዓርብ ጠዋት የተለመደው የክፍያ ዙር (F110) ሲካሄድ 2.4 ሚሊዮን ብር ወደ አዲሱ ሂሳብ ይገባል። ሰኞ የቀድሞው ቁጥር ይመለሳል። ማክሰኞ የአቅራቢውን መረጃ ከፍቶ ከውሉ ጋር ያስተያየ ሰው አንድም ልዩነት አያገኝም። ደረሰኙ እውነተኛ ነው፣ የክፍያ ሰነዱም ፊርማው የተሟላ ነው።

የሐሙሱ ለውጥ ግን በሁለት ሰንጠረዦች ተመዝግቦ ይቀራል። CDHDR ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ትራንዛክሽን እንደቀየረ ይይዛል። CDPOS ደግሞ ምን እንደተቀየረ ያሳያል። ኦዲተሩ የዓመቱን የአቅራቢ ለውጦች በሙሉ አውጥቶ፣ ተቀይረው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደነበሩበት የተመለሱትን ይለያል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የባንክ ሂሳብ ቁጥሩ በሚቀመጥበት ሰንጠረዥ (LFBK) ውስጥ ቁጥሩ ራሱ የመዝገቡ መለያ አካል ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲቀየር ሲስተሙ የሚመዘግበው ማሻሻያ ሳይሆን አሮጌው መዝገብ መሰረዙንና አዲስ መግባቱን ነው። የለውጥ ምልክቱን U ብቻ ብሎ ያጣራ፣ ወይም VALUE_NEW በሚለው ዓምድ ውስጥ ቁጥር የፈለገ ሰው ባዶ ውጤት ያገኝና «ለውጥ የለም» ብሎ ይጽፋል። ቁጥሩ ያለው TABKEY ውስጥ ነው።

ልምድ ያለው ኦዲተር በሌላም በኩል ይመጣል። ገንዘቡ በእርግጥ የገባበት ሂሳብ በክፍያው መዝገብ (REGUH) ውስጥ ስለሚቀር፣ እሱን አሁን ካለው የአቅራቢው ሂሳብ ጋር ያነጻጽራል። የዓርቡ ክፍያ ወዲያው ይለያል።

ተረት፦ ሲስተሙ ሁሉንም ይመዘግባል፤ ማንም አያመልጠውም።

እውነታው፦ የሚመዘግበው እንዲመዘግብ የተነገረውን ነው። የማስተካከያ ሰንጠረዦች ለውጥ የሚያዘው rec/client የተባለው ቅንብር ሲበራና ሰንጠረዡም ለምዝገባ ምልክት ሲደረግበት ብቻ ነው። ቅንብሩ OFF ከሆነ በ SCU3 የሚታይ አዲስ ነገር አይኖርም። ከዚህ የሚከፋው በፕሮዳክሽን ሲስተም ላይ በዲበግ እሴት የመቀየር ፈቃድ ነው። እንዲህ ያለ ፈቃድ ያለው ሰው የለውጥ ሰነድ ሳይፈጠር መረጃ መቀየር ይችላል፤ ዱካው ቢበዛ በ SM21 የሲስተም ሎግ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ኦዲተሩ ሎጉን ከማመኑ በፊት SAP_ALL እና የዲበግ ፈቃድ በማን እጅ እንዳለ ይጠይቃል። «እሱ የታመነ ልጅ ነው» የሚለው መልስ የኦዲት ማስረጃ አይሆንም።

ተረት፦ ሎጉን በኤክሴል አውጥተን ሰጥተናል፤ አልቋል።

እውነታው፦ ከፋይሉ ውስጥ አንድ ረድፍ ቢጠፋ ማን ያውቃል? ኦዲተሩ ሪፖርቱ ሲወጣ አጠገብ ሆኖ ያያል፤ የተመረጠው ቀንና ድርጅት የሚታይበትን ስክሪንሹት ይይዛል፤ በሲስተሙ ላይ ያለውን የረድፍ ብዛት ከፋይሉ ጋር ያመሳክራል። ይህ ሳይሟላ የሚወሰድ ናሙና ዋጋ የለውም።

ተረት፦ ኦዲተሩ አንድ ለውጥ ብቻ ሞክሮ ሄደ፤ ሥራውን አልሠራም።

እውነታው፦ ይህ እንደ ቁጥጥሩ ዓይነት ይለያያል። በሰው የሚከናወን ማጽደቅ ከሆነ ኦዲተሩ ከዓመቱ ለውጦች ናሙና ወስዶ፣ ለእያንዳንዱ የአቅራቢውን ደብዳቤና በስልክ የተደረገውን ማረጋገጫ ይጠይቃል። ኤስኤፒ ግን የባንክ ሂሳብን በሁለት ሰው ቁጥጥር ሥር ማድረግ ይችላል። ሂሳቡ ሲቀየር፣ ሌላ ሰው በ FK08 እስኪያረጋግጥ ድረስ ለአቅራቢው መክፈል ይታገዳል። እዚህ ኦዲተሩ፣ ሂሳቡን የቀየረው ሰው ራሱ ለማረጋገጥ እንዲሞክር ያደርጋል፤ ሲስተሙ እምቢ ማለት አለበት። ፕሮግራም ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ስለሚሠራ አንድ ሙከራ ሊበቃ ይችላል። ነገር ግን ይህ የሚያዛልቀው ቅንብሩ በዓመቱ መካከል ጠፍቶ እንዳልነበር ከተረጋገጠ ነው፤ ያ የሚታወቀው ደግሞ ከላይ ካነሳነው የሰንጠረዥ ምዝገባ ነው። ምዝገባው ካልበራ አንዱ ሙከራ የዚያን ቀን ብቻ ይመሰክራል፣ ኦዲተሩም ወደ ሰፊ የሰነድ ፍተሻ ይገባል።

የፋይናንስ ኃላፊ ከሆኑ ዛሬውኑ የአይቲ ክፍልዎን rec/client በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ይጠይቁ። ኦዲተሮቹ ከመጡ በኋላ ቢበራ ያለፈውን ዓመት አይመዘግብም።